ጦሳ ምን አለ?

እህቴ መልእክቱን የላከችው በእኛ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ነው። እነሱ ዘንድ ገና ምሽት ነበር። ሜሪላንድ ነው የሚኖሩት፤ በየካቲት ከእኛ ስምንት ሰዓት ወደኋላ ይቀራሉ። ጠዋት ተነስቼ ስልኬን ስከፍት የሁለት ደቂቃ ድምፅ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«የኔ ወንድም፣ ለሚጡ አንድ ግጥም ጻፍላት። የቤት ሥራ ተሰጥቷታል። ስለ አያቶቿ አገር ነው። በግራ በኩል አማርኛው፣ በቀኝ በኩል እንግሊዝኛው ይሆናል። ከአስር መስመር ማነስ የለበትም። ክፍል ውስጥ አማርኛውን ራሷ ድምፅ አውጥታ ታነባለች። ቀለል አርገው እሺ? አንተ መቼም መምህር ነህ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም።»

ሚጡ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሟ ሌላ ነው፤ እኛ ቤት ግን ሚጡ ነች። ደሴን አይታት አታውቅም። አማርኛ ትሰማለች፣ ከእናቷ ጋር ታወራለች፣ ፊደልም ቆጥራለች። ስታነብ ግን አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች ነው፤ ልክ ምስር እንደሚለቅም ሰው።

እኔ ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። አራተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ስለዚህ እህቴ አልተሳሳተችም፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጀግና ከውሃ ይወጣል እንዴ?

ያን ቀን ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ የጻፍኩት እንዲህ ይጀምራል፦

የታሪክ መዝገብ ነሽ፣ ጀግና መፍለቂያ፣
ደሴ የፍቅር ቤት፣ ሰላም መጠለያ።

ቤት ይመታል። ልኩም አይጎድልም። በግማሽ በግማሹ ስድስት ቀለም አለው፣ የታወቀው የወል ቤት ነው። አስር መስመር በዚሁ አካሄድ ሞላሁና ላክሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ማታውኑ ተፈታ።

እህቴ ደወለች። እየሳቀች ነው። «ይኸውልህ፣ መፍለቂያ የሚለውን ስትጠይቀኝ ምንጭ ማለት ነው አልኳት። ውሃ የሚወጣበት። 'ጀግና ከውሃ ይወጣል እንዴ?' አለችኝ። ምን ልበላት?»

እኔም መልስ አልነበረኝም። ግጥሙን እንደገና አነበብኩት። ከዚያ አንድ ነገር ሞከርኩ። ደሴ የሚለውን አወጣሁና በቦታው ጎንደር አስገባሁ። ጎንደርም ሁለት ቀለም ነው፤ ልኩ አልተነካም። ጅማንም አስገባሁ። እሱም ሰተት ብሎ ገባ። አስሩንም መስመር እንዲሁ አየኋቸው፤ አንዱም አልተቃወመም። ስለ ደሴ የጻፍኩ መስሎኝ ባዶ ቅጽ ነበር የሞላሁት። ለክፍል ተማሪዎቼ ይህን ፈተና ሰጥቼ አላውቅም ነበር። አሁን እሰጣለሁ። የከተማውን ስም ቀይራችሁ ግጥሙ ካልታመመ ግጥሙ የናንተ አይደለም እላቸዋለሁ።

በነገራችን ላይ ሚጡ ራሷም ሞክራ ነበር። «ደሴ» ብላ ጀምራ «አያቴ» ላይ ጨርሳ ቤት መታሁ ብላለች። እናቷ ልትነግረኝ ስታፍር ነበር። የልጅቷ ጆሮ ግን ከመሬት ተነስቶ አልተሳሳተም። እንግሊዝኛ ግጥም ቤት የሚመታው በድምፁ ጅራት ነው። አናባቢው ከተመሳሰለና መጨረሻው በእሱ ካለቀ ይበቃል። ሴ እና ቴ ለእሷ አንድ ናቸው። የእኛ ጆሮ ደግሞ የመጨረሻው ፊደል ራሱ እንዲመለስለት ይፈልጋል። ደሴ ላልነው ራሴ፣ ልብሴ፣ ነፍሴ ነው የሚመጣው። አያቴ አይመጣም። ይህን ስነግራት «ታዲያ ሁሉም መጨረሻ አንድ ፊደል ከሆነ አይሰለችም?» አለች። ጥያቄውን ለጊዜው አለፍኩት።

የማን አገር?

እሁድ እማዬ ቤት ሄድኩ። ቡና እየወቀጠች ነበር። የሚጡን የቤት ሥራ ነገርኳት። የአያቶቿን አገር ግለጪ ተብላለች፣ ስለ ደሴ ልጽፍላት ነው አልኳት።

ሙቀጫውን አቆመች። «ደሴ መች ነው አገሬ?» አለች። «የኔ አገር ኩታበር ነው። ደሴ የገባሁት በጋብቻ ነው። አባትህም ቢሆን የኮምቦልቻ ሰው ነው። ደሴ የማናችንም አይደለችም፤ መገናኛችን ናት።»

ልክ ናት። አርባ ዓመት ደሴ የኖረ ሰው አገርህ የት ነው ስትለው ደላንታ ይልሃል፤ ለጋምቦ ይልሃል፤ ወረኢሉ ይልሃል። ሰኞ ገበያ ላይ ቆማችሁ አስር ሰው ብትጠይቁ ስንቱ ደሴ እንደሚላችሁ እንጃ። የአሜሪካዋ መምህርት የሰጠችው ቃል አንድ ነው፣ የሚይዘውም አንድ አገር ነው፤ ባንዲራ ያለው፣ ካርታ ያለው። የእኛ «አገር» ግን ተለጣጭ ነው። አንዴ ኢትዮጵያን ያህላል፣ አንዴ አንድ ጎጥ ያህላል። እማዬ አፍ ውስጥ ሲሆን ኩታበር ካለች አንዲት የግራር ጥላ አይበልጥም።

እህቴ ቃሉን ለልጇ ስትተረጉም «አገር» ብላ ዝም አለች። አላብራራችም። እኔም ብሆን አላብራራም ነበር። ግን ለግጥሙ አንድ ነገር መወሰን ነበረብኝ። ኩታበርን ልያዝ፣ ደሴን ልያዝ ወይስ ኮምቦልቻን?

ያገዘኝ ቦርከና ነው። ቦርከና የሚነሳው ከኩታበር አካባቢ ነው። ደሴን ይሻገራል፣ ከዚያ እየተገለበጠ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከእናቴ አገር ተነስቶ ወደ አባቴ አገር ይሄዳል ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በዚህ ወንዝ ስንት ጊዜ ተሻግሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አስቤው አላውቅም። ሰው መኪናውን ሲያጥብበት፣ ቆሻሻ ሲጥልበት ነው የማየው።

መንገዱም እንደዚያው ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ትወርዳለች። በመሀሉ ሐረጎ አለ፤ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ዳገት። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግን ጠዋት ደሴ ጋቢ ደርበህ ሚኒባስ ትሳፈራለህ፣ ኮምቦልቻ ስትደርስ ጋቢው እጅህ ላይ ነው። አባባ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚመጣው። ሲወጣ ደርቦ፣ ሲወርድ አጥፎ።

ሁሉም የሚያወራበት ግጥም

ማክሰኞ ማታ ሁለተኛውን ጻፍኩ። አሁን ተጠንቅቄያለሁ። ሚጡ የማታውቀው ቃል የለም። መስመሮቹ አጫጭር ናቸው። ሁሉም ነገር ደግሞ ከደጃችን የሚታይ ነው፤ ተራራውም፣ ወንዙም፦

ከላይ ጦሳ አለ፣ ታች ቦርከና አለ፣
መሀል ላይ ቤት አለ፣ ደጁ ላይ ዛፍ አለ።

እያንዳንዱን በጣቴ ቆጠርኩት። የመጀመሪያው ስድስት ነው፤ ከ፣ ላይ፣ ጦ፣ ሳ፣ አ፣ ለ። ሁለተኛውም ስድስት ነው፤ ታች፣ ቦር፣ ከ፣ ና፣ አ፣ ለ። ሳድስ ፊደል ድምፅ አልባ ሆኖ ከፊቱ ካለው ጋር ሲጣበቅ ብቻውን አይቆጠርም። «ቦር» ሁለት ፊደል ነው፣ ቀለሙ ግን አንድ ነው። ልጆች ፊደሉን ከቆጠሩ ሁሌም ይበዛባቸዋል። አፋቸው የሚከፈትበትን ከቆጠሩ ልክ ይመጣል።

ግጥም ነው ለማለት አፌን ሞልቼ አልናገርም። ግን ቀላል ነው። ላክሁት።

ቅዳሜ በእኛ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በኢሞ ደወሉ። እነሱ ዘንድ ጠዋት ነው። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሚጡ ፒጃማ ለብሳ ወረቀቱን ከፊቷ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ አይታይም፤ ከወረቀቱ በላይ ጸጉሯ ብቻ ነው የሚታየው።

ማንበብ ጀመረች። «ከ... ላይ... ቶሳ... አለ።»

ጦሳን ቶሳ ማለቷ አልገረመኝም፤ ጠብቄው ነበር። ሌላው ነገር ነው ያስደነገጠኝ። «አለ»ን አላልታ አነበበችው። «እንዲህ አለ» እንደምንለው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። «ታች... ቦርከና... አለ።» ቤቱም አለ። ዛፉም አለ።

ጨረሰች። ወረቀቱን ከፊቷ አወረደች።

«እሺ፣» አለች፣ «ቶሳ ምን አለ?»

እኔ አልገባኝም። «እንዴት ምን አለ?»

«ቶሳ አለ ይላል። ቦርከና አለ ይላል። ቤቱም አለ። ዛፉም አለ። ሁሉም ምን ብለው ነው? የቀረውን አልላክልኝም?»

ልጅቷ ግማሹ የጠፋ ግጥም የደረሳት መስሏት ነበር። ቶሳ የሚባል ሰው አንድ ነገር ተናግሯል፣ ቦርከናም መልሶለታል፣ አጎቷ ግን ንግግሩን ቆርጦ አስቀርቶታል።

አፌን ከፈትኩ። መምህር ነኝና ላርማት ነው። «የለም ሚጡ፣ ይሄ አለ ይጠብቃል፤ መኖር ማለት ነው» ልላት ነው። የመጀመሪያዋ ቃል ከአፌ ሳትወጣ እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ጦሳማ ይናገራል እንጂ!» አለች። «እንዴት አይናገርም? ጉም ሲለብስ እኮ 'ዝናብ መጣ፣ ልብስ አስገቡ' ይላል። እኔ ጦሳን ሳላይ ልብስ አስጥቼ አላውቅም።»

«በእውነት?» አለች ሚጡ።

«አዎ፣ ልጄ።»

«ቦርከናስ?»

እማዬ ትንሽ አሰበች። «እሱ ሁሌ ልሂድ ልሂድ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ አባባ አገር ነዋ። ኮምቦልቻ።»

እኔ ከጎን ተቀምጬ ወረቀት ፈለግሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ። ያን ማታ ግን እኛ ቤት ሌላ የተቦካ ነገር አልነበረም።

ያልተጻፈው

ስለዚህች ቃል ብዙ አሰብኩ። «አለ» ሲጠብቅ መኖር ነው፣ ሲላላ መናገር ነው። «ዋና»ም እንደዚያው ነው፤ ሲላላ የውሃ ዋና፣ ሲጠብቅ ዋናው ጉዳይ። ፊደላችን ይህን አይጽፍም። ሰባት ዓይነት አናባቢ ይጽፋል፣ ጠ እና ተ ይለያል፣ ጥብቀቱን ግን ለአንባቢው ትቶታል። እኛ ስናነብ አንቸገርም። ትርጉሙን ቀድመን እናውቀዋለን፣ ከዚያ ጥብቀቱን እንሞላለን። ጦሳ ተራራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው «ጦሳ አለ»ን አላልቶ አያነብም። ተራራ አይናገርማ።

ሚጡ ግን በተቃራኒው ነው የምትመጣው። ፊደሉን ይዛ ትርጉሙን ትፈልጋለች። ጦሳ ማን እንደሆነ ማንም አልነገራትም። እኔም በግጥሙ ውስጥ ተራራ ነው አላልኩም። ለእኔ መናገር የማያስፈልገው ነገር ነዋ። ስም ሰማች፣ ከኋላው «አለ» መጣ፤ እናቷ ማታ ማታ ተረት ስታነብላት «ቀበሮም እንዲህ አለ፣ አንበሳም እንዲህ አለ» ነው። እሷ ያነበበችው ልክ ነበር። የጎደለው የእኔ ነው።

ቅኔ ቤት የቆዩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። አንዱን ቃል ለሁለት ትርጉም ማዋል የእነሱ ሙያ ነው፤ ሰም አለው፣ ወርቅ አለው። እኔ ሳላውቀው ያስቀመጥኩት ሰም ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግጥሙ ራሱን ጻፈ ለማለት ያስመኛል። ውሸት ነው። አራት ማታ ፈጅቷል። ሐረጎ እንቢ ብሎኝ ነበር። «ሐረጎም ዳገት አለ» ስል ሰባት ቀለም ይሆንና ልጅቷ ትንፋሽ ያጥራታል። «ጋቢ አውልቁ አለ» ብዬ ጽፌ «አውልቁ» ላይ ምላሷ ሦስት ጊዜ ተጠላለፈ። እማዬ ናት «ጣሉ በለው፣ ምን ታካብዳለህ» ያለችኝ። የደረስንበት ይኸውና፦

ከላይ ጦሳ አለ፤
ጦሳዬ ምን አለ?
ዝናብ መጣ አለ፤
ልብስ አስገቡ አለ።

ሐረጎ ምን አለ?
ጋቢ ደርቡ አለ፤
ጋቢ ጣሉ አለ።

ቤታችን ምን አለ?
ቡና ፈላ አለ፤
ለኔም ቆሎ አለ።

ታች ቦርከና አለ፤
ቦርከና ምን አለ?
ልሂድ ልሂድ አለ፤
አባባ ጋ አለ።

ሁሉም መስመር በአንድ ቃል ያልቃል። ተማሪ ቢያመጣልኝ «ቤት አልመታህም፣ ቃሉን ደገምከው» ብዬ እመልስለት ነበር። እዚህ ግን ቃሉ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። ሚጡ «አይሰለችም?» ብላ የጠየቀችው ጥያቄ በዚህ ተመለሰላት መሰለኝ። አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። ጆሮ ይህን ይይዛል።

ሶፍትና ሁለት ነጥብ

የቀረው ንባቡ ነው። ሁለት ችግር ነበረብን።

አንደኛው ጦሳ ነው። እኛ ጠ ስንል ትንፋሹን ጉሮሮ ላይ ዘግተን፣ ምላሳችንን በድንገት እናስለቅቃለን። የአሜሪካ ልጅ ተ ሲል ደግሞ ትንፋሹን አስከትሎ ነው። ስለዚህ እንዲህ አደረግን። ሚጡ አንድ ስስ ሶፍት ከአፏ ፊት ለፊት፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ያዘች። «ቶሳ» ስትል ሶፍቱ ይውለበለባል። «ሶፍቱን ሳታንቀሳቅሺ በይው» አልኳት። በመጀመሪያው ቀን ሶፍቱ ሲውለበለብ ዋለ። ትንፋሿን ቀንሳ ስትሞክር «ዶሳ» ሆነ። ይህ የተለመደ ነው፤ ልጆች ትንፋሹን ሲተዉ ድምፁን ያወፍሩታል። መፍትሄው ትንፋሽ መቀነስ ሳይሆን ትንፋሽ መያዝ ነው። «ከባድ ነገር ስታነሺ እንደምትይዢው ያዢው፣ ከዚያ ልቀቂው» አልኳት። ወንበር እያነሳች ሞከረችው። በሦስተኛው ቀን ሶፍቱ እምብዛም ሳይነቃነቅ «ጦሳ» አለች። እማዬ እልል አለች። ጣቴን ጆሮዬ ውስጥ መክተት ነበረብኝ።

ሁለተኛው ያው የ«አለ» ጥብቀት ነው። ቀይ እስክሪብቶ አስያዝናት። በሚጠብቀው ለ አናት ላይ ሁለት ነጥብ ታደርጋለች፣ በሚላላው ላይ ምንም። አንዳንድ መጻሕፍት ላይም ጥብቀት በነጠብጣብ ምልክት ይደረግበታል፤ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ልጅቷ ነጥቡን «ሁለት ዓይን» አለችው። ዓይን ያለው «አለ» ይታያል፣ ዓይን የሌለው «አለ» ይሰማል። ይህን እኔ አላስተማርኳትም።

«ከላይ ጦሳ አለ» ዓይን አለው። «ለኔም ቆሎ አለ» ዓይን አለው። «ታች ቦርከና አለ» ዓይን አለው። «ቤታችን ምን አለ» ላይ ትንሽ ተከራከርን። ቤቱ ምን ተናገረ ነው ወይስ ቤት ውስጥ ምን ይገኛል? ሁለቱም ይሆናል። መልሱም ሁለቱም ነው፤ ቡናው ፈላሁ ይላል፣ ቆሎው ደግሞ አለ። ሚጡ አንዱን ዓይን ብቻ አደረገችለት። ይጥቀስ ብላ ነው።

መጨረሻው መስመር ላይ ስንደርስ እስክሪብቶዋን አነሳችና ቆመች።

«አባባ ጋ አለ፣» አለች። «ይሄስ?»

እናቷን አየች። እህቴ ከስልኩ ወጣች። የውሃ ድምፅ ሰማሁ፤ ሳህን የምታጥብ መስላ ነው። አባባ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ ነው የተቀበረው። እህቴ ወረቀቷ ስላላለቀ ለቀብሩ አልመጣችም። ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም።

ሲላላ «አባባ ጋ ልሂድ» አለ፣ ወንዙ ተናገረ ነው። ሲጠብቅ ወንዙ አሁን አባባ ጋ ነው፣ እዚያ ይገኛል። እኔ ስጽፈው ማላላቴ ነበር። ምንም አልወሰንኩም ብል ይሻላል መሰለኝ።

«አንቺ የፈለግሽውን አድርጊ» አልኳት። መምህር እንዲህ አይልም። ግን አልኩ።

አስራ አምስተኛው መስመር

እንግሊዝኛውን ሚጡና እናቷ ሠሩት። እህቴ «ጋቢ»ን ብርድ ልብስ፣ «ቆሎ»ን መክሰስ ብላ ልትተረጉመው ነበር። ሚጡ እንቢ አለች። ጋቢም ጋቢ፣ ቆሎም ቆሎ ሆነው ቀሩ። ክፍል ውስጥ የማያውቅ ይጠይቀኝ ብላ ነው።

የከበደው «አለ» ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ቃል አለው፤ ጨዋታው እዚያ ይሞታል። እህቴ ከግርጌ ማብራሪያ ልጻፍ አለችኝ። ተይው አልኳት። የተብራራ ቀልድ ቀልድ አይደለም። ሚጡ ሌላ ነገር አገኘች። ተናገረ ማለት በሆነበት ሁሉ የትምህርተ ጥቅስ ምልክት አስገባች። ስለዚህ በቀኝ በኩል ያለው ግጥም ጥቅስ በጥቅስ ነው። በግራ በኩል ያለው የእኛው አንድም የለውም።

አንድ ሌላ ነገር ያየሁት ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ሲልኩልኝ ነው። አማርኛ ግሱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ እንግሊዝኛ ወደ ፊት ያመጣል። ስለዚህ የእኛ ግጥም በቀኝ ጠርዙ ነው የሚደጋግመው፤ አለ፣ አለ፣ አለ። የእነሱ በግራ ጠርዙ ነው፤ መስመሮቹ የሚጀምሩት በየተራ በእነዚያው ቃላት ነው። ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን ስታዩዋቸው ድግግሞሹ በወረቀቱ መሀል ላይ ይጋጠማል። ከታጠፈ የሚገጥም ይመስላል። ማንም አላሰበበትም።

መምህርቷ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት አሉ። አማርኛው አስራ አራት መስመር ነው፣ እንግሊዝኛው ለምን አስራ አምስት ሆነ?

ሚጡ የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ ተርጉማው ነበር። አንዴ «አባባ ጋ» ብሎ ተናገረ ብላ በጥቅስ። ከሥሩ ደግሞ፣ ያለ ጥቅስ፣ ከአባባ ጋር ነው ብላ። አማርኛው ላይ ለ አናት ላይ ነጥብ አድርጋ ሰርዛዋለች፤ ፎቶው ላይ ቀይ ጭረት ይታያል።

ሚጡ ክፍል ውስጥ ስታነብ የተቀረጸውን ድምፅ እህቴ ሐሙስ ላከችው። ይዤ እማዬ ጋ ሄድኩ። ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ከፈትኩላት። ጦሳ ጦሳ ነው። ልብስ አስገቡ ላይ አንድ ልጅ ሲስቅ ይሰማል። ሐረጎ ላይ ትንሽ ተጣደፈች። ከዚያ ቦርከና፣ ልሂድ ልሂድ፣ የመጨረሻው መስመር፣ ጭብጨባ።

«አጥብቃዋለች» አለች እማዬ።

እኔ የሰማሁት አላልታው ነው።

«አላልታዋለች እማዬ።»

«ጆሮህን ታጠብ። በል እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ስልኩን ወስዳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።